መቶ ለስልሳ ሲካፈል

ያን ጊዜ ኮልፌ ውስጥ፣ ብረት በያጆች ከተደረደሩበት ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሚገኝ የግል ኮሌጅ ጃቫ አስተምር ነበር። ጃቫ ለማያውቅ ሰው፣ ኮምፒውተርን የምናዝዝበት ቋንቋ ነው ብል ይበቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጡት ተማሪዎቼ ሠራተኞች ናቸው። አንዳንዶቹ በዕድሜ ይበልጡኛል። ከታች የበያጆቹ ብረት መፍጫ ሲጮህ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፣ ሲቆም ሳላውቀው እየጮኽሁ እገኛለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም፤ ሳስተምርም ከመስኮት እስከ በር ስመላለስ ነው የምውለው።

አሁን ከምነግራችሁ ቅዳሜ አንድ ሳምንት በፊት ለአንድ ክሊኒክ ትንሽ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። ክሊኒኩ ቤቴል ነው። የነርሶቹ ኃላፊ ሲስተር ከእናቴ ጋር በአንድ ቸርች ነው የሚያመልኩት፤ እኔንም በሕፃንነቴ ክትባት የወጉኝ እሳቸው ናቸው። ነርስ በመሆናቸው ሰፈሩ ሁሉ "ሲስተር" ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው።

አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ በር ላይ አስቁመውኝ፣ "አንተ የኮምፒውተር አስተማሪ አይደለህ?" አሉኝ።

"ነኝ ሲስተር።"

"አዳዲሶቹ ልጆቼ ጉሉኮስ ሲሰቅሉ ሒሳቡ ያዘገያቸዋል። ይህን ያህል ፈሳሽ በዚህ ያህል ጊዜ ይግባ ሲባል፣ በደቂቃ ስንት ጠብታ እንደሆነ የሚነግር ነገር ልትሠራልን ትችላለህ?"

"ይቺማ የግማሽ ሰዓት ሥራ ናት" አልኩ። እውነትም ከግማሽ ሰዓት በላይ አልፈጀችብኝም። ሒሳቡ እንዲህ ነው፤ እነሱ በሚጠቀሙበት ቱቦ አንድ ሚሊ ሊትር ሃያ ጠብታ ይሆናል። ፈሳሹን ለደቂቃው አካፍሎ በሃያ ማባዛት ነው። ፕሮግራሙ ሁለት ቁጥር ይጠይቃል፣ አንድ ቁጥር ይመልሳል። በቃ።

ፈተንኩት ደግሞ። መቶ ሃያ ሚሊ ሊትር በስልሳ ደቂቃ ብዬ ሰጠሁት፤ 40.0 አለ። ትክክል። ሁለት መቶ አርባ በመቶ ሃያ ደቂቃ፤ አሁንም 40.0። ስድስት መቶ በሁለት መቶ፤ 60.0። ሦስቱንም ያለ ወረቀት በአእምሮዬ ስለማውቃቸው ነው የመረጥኳቸው። ከዚያ ላፕቶፔን ዘጋሁ። በማግስቱ ክሊኒኩ ኮምፒውተር ላይ ጫንኩላቸው፤ ሲስተር ጀርባዬን መታ መታ አድርገው፣ "ተባረክ" አሉኝ። ቤቴ እስክገባ ድረስ ፊቴ ላይ ፈገግታ ነበር።

በዚያች ቅዳሜ ትምህርት የጀመርነው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። የዕለቱ ልምምድ የሁለት ቁጥሮችን አማካይ ማውጣት ነበር። አንድ ሰዓት ያህል እንደሠሩ፣ ከአስኮ የምትመጣ፣ በሳምንቱ ቀናት ልብስ ስፌት የምትሠራ ተማሪ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ኮምፒውተሬ ተሳስቷል መሰለኝ። የሰባትና የስምንት አማካይ ሰባት ነው ይለኛል።"

ሄጄ አየሁ። ማያው ላይ 7.0 ተጽፏል። ሰባት ተኩል መሆን ነበረበት።

"ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም" አልኳት፤ በየዓመቱ የሚመጣ ጥያቄ ስለሆነ ደስ እያለኝ ወደ ሰሌዳው ሄድኩ። "ሰባትና ስምንት ሲደመሩ ስንት ነው?"

"አሥራ አምስት።"

"አሥራ አምስት ሙሉ ቁጥር ነው፤ ጃቫ ኢንት ይለዋል። የምታካፍዪበት ሁለትም ኢንት ነው። ሁለቱም ኢንት ከሆኑ የሚወጣውም ኢንት ነው። ሰባት ይደርሳል፣ ከነጥብ በኋላ ያለውን ይጥለዋል። አያጠጋጋም፤ ይቆርጠዋል።"

"ግን እኮ ቲቸር፣ መልሱን የማስቀምጥበትን ደብል አድርጌዋለሁ። ነጥብ የሚይዘውን።"

"አድርገሻል። ግን ማስቀመጡ የሚመጣው ካካፈለ በኋላ ነው። ሲያካፍል መልሱ የት እንደሚሄድ አያይም። ግማሿ እዚያው ጠፍታለች። ሰባት ብቻዋን ወደ ደብል ስትገባ፣ ጃቫ ማንንም ሳይጠይቅ በራሱ ይቀይራትና 7.0 ያደርጋታል።"

ልጅቷ ማያዋን ትክ ብላ አየችው። "ታዲያ ይሄ ነጥብ ዜሮ ሰውን ያታልላል" አለች። "ነጥብ ስላለው በደንብ የተሰላ ይመስላል።"

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሁለትን 2.0 ብትጽፊው፣ አንዱ ደብል ሲሆን ሌላውንም ከማካፈሉ በፊት ወደ ደብል ያነሳዋል፣ መልሱም 7.5 ይሆናል አልኳት። አድርጋ አየችው፤ ሆነ። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ግን ሌላ ምሳሌ ልጨምር ብዬ ማርከሩን አነሳሁና፣ እጄ በዚያ ሳምንት የለመደውን ጻፈ፤

100 / 60 * 20

"ይሄስ ስንት ይመጣል? ማካፈልና ማባዛት እኩል ናቸው፤ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ መቶ ለስልሳ። ሁለቱም ኢንት። ስለዚህ አንድ ነው። ከዚያ አንድ በሃያ..."

ሃያ አላልኩም። ማርከሩ ሰሌዳው ላይ እንደተጣበቀ ቀረ።

መቶ ሚሊ ሊትር፣ ስልሳ ደቂቃ፣ ሃያ ጠብታ። በመስመሯ ውስጥ ፈሳሽና ደቂቃ የሚሉትን ስሞች በቁጥር ተክቼ ነው እንጂ የራሴው ኮድ ነበረች። ትክክለኛው መልስ ሠላሳ ሦስት ነው። የእኔ ፕሮግራም ግን 20.0 ነው የሚለው። ነጥብ ዜሮውን ጨምሮ።

"አንድ ጊዜ" ብዬ ወጣሁ።

ኮሪደሩ ላይ ለሲስተር ደወልኩ። ይጠራል፣ አያነሱም። ደገምኩ። በሥራ ሰዓት ስልካቸውን መሳቢያ ውስጥ እንደሚቆልፉት አውቃለሁ፤ ቢሆንም ደወልኩ። የክሊኒኩ ስልክ ተይዟል አለኝ። ደረጃውን ወርጄ እንደገና ወጣሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ከታች መፍጫው ብረት ይበላል። በሳምንቱ ውስጥ ያን ፕሮግራም ስንት ጊዜ ተጠቅመውበታል? ለማን? ፈተናዬን አስታወስኩ፤ መቶ ሃያ ለስልሳ፣ ሁለት መቶ አርባ ለመቶ ሃያ፣ ስድስት መቶ ለሁለት መቶ። ሁሉም ያለ ቀሪ የሚካፈሉ። ስህተቷ ልትታይበት የምትችለውን ቁጥር አንድም አልሰጠኋትም።

ወደ ክፍል ተመልሼ ላፕቶፔን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። "ዛሬ እዚህ ላይ እናቁም። ይቅርታ፣ የሠራሁት ነገር ተበላሽቷል" አልኩ። የአስኮዋ ተማሪ ሰሌዳውን አየች፣ እኔን አየች።

ታክሲው ወደ አየር ጤና እየሄደ በየፌርማታው ይቆማል። "ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ነው" ይላል ረዳቱ። ጭኔ ሲንቀጠቀጥ አይተው አጠገቤ ያሉት ሴትዮ፣ "ምነው ልጄ፣ ብርድ ነው?" አሉኝ። "አይደለም፣ ቸኩዬ ነው" አልኳቸው። በስልኬ ጀርባ ላይ በጣቴ እያሰላሁ ነበር። ዘጠና ሚሊ ሊትር በስልሳ ደቂቃ ቢሆን፣ ትክክሉ ሠላሳ፣ የእኔ ሃያ። መቶ በሠላሳ ደቂቃ ቢሆን፣ ትክክሉ ስልሳ ሰባት፣ የእኔ ስልሳ። ሃምሳ በስልሳ ደቂቃ ቢሆን የእኔ ዜሮ። ዜሮውን ሳገኘው ደስ አለኝ፤ ዜሮ ጠብታ የሚል ፕሮግራም ማንም ሰው አያምነውም። የሚያስፈራው ሃያው ነው፤ ሃያ የሚታመን ቁጥር ነው።

አየር ጤና ስደርስ የቤቴል ሰልፍ ረዝሟል። ቆምኩ፣ ከሰልፉ ወጣሁ፣ የኮንትራት ታክሲ ጠየቅሁ፣ የለም፣ ተመልሼ ስገባ ቦታዬን አጣሁ። እንደገና ከጭራው ቆምኩ። ሲስተር አሁንም አያነሱም።

ክሊኒኩ የደረስኩት አምስት ሰዓት ሲያልፍ ነው። እንግዳ መቀበያው ጋ ያለው ኮምፒውተር ላይ ነጭ ወረቀት በፕላስተር ተለጥፏል። በሲስተር የእጅ ጽሑፍ፣ "የጠብታ ሒሳብ አትጠቀሙ" ይላል።

ስለዚህ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው።

ሲስተር ከውስጥ ወጡ። እጃቸውን እያደራረቁ ነበር። "ስልኬን አሁን ነው ያየሁት። ዘጠኝ ጊዜ ደውለሃል" አሉኝ።

"ሲስተር፣ የተጎዳ ሰው አለ?"

"የለም። ቁጭ በል።"

መቀመጥ አልቻልኩም። ቆሜ ሰማኋቸው። አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ኢንፌክሽን ይዟት ተኝታለች። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መድኃኒቷ በመቶ ሚሊ ሊትር ተበጥብጦ በአንድ ሰዓት እንዲገባ ሐኪሙ አዘዘ። አዲሷ ነርስ ፕሮግራሙን ጠየቀች፤ 20.0 አላት፤ በሃያ ጠብታ ለቀቀችው። አራት ሰዓት ላይ ስትመለስ ግን አርባ ሚሊ ሊትር ያህል ገና አላለቀም ነበር። ቱቦው ተጣምሞ ይሆናል ብላ አየች፤ አልተጣመመም። መርፌው ተዘግቶ ይሆናል ብላ አየች፤ አልተዘጋም። ግራ ሲገባት ሲስተርን ጠራች። እሳቸው ሰዓታቸውን ይዘው ጠብታውን ቆጠሩ፣ ሃያ። ከዚያ መዳፋቸው ላይ በእስክርቢቶ አሰሉ።

መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። ቀለሙ በሳሙና ደብዝዞ ይታያል። መቶ በሃያ፣ ሁለት ሺህ። ሁለት ሺህ ለስልሳ፣ ሠላሳ ሦስት።

"ለሐኪሙ ነገርኩት። ቀሪውን በትክክለኛው ፍጥነት ጨረስንላት። ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ ለዚህ መድኃኒት ጉዳት የለውም ብሎኛል። የሳምንቱን መዝገብ ሁሉ አገላበጥኩ፤ ሌሎቹ ከአንድ ሁለት ጠብታ በላይ አልተዛነፉም። እግዚአብሔር ጠበቀን። አሁን አንተ ንገረኝ፤ ማሽኑ ማካፈል አይችልም?"

"ይችላል። እኔ ነኝ ያላስቻልኩት።" ለተማሪዋ ያልኩትን ለእሳቸውም አልኳቸው። መቶውም ስልሳውም ሙሉ ቁጥር ስለሆኑ አንድ ብሎ ቀሪውን እንደጣለው፣ አንዷን በሃያ አባዝቶ ሃያ እንዳለ፣ በመጨረሻ ነጥብ ዜሮ እንደጨመረበት።

"ሳይናገር?"

"ሳይናገር። ለእሱ ስህተት አይደለም፤ የታዘዘውን ነው ያደረገው።"

አዲሷ ነርስ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ዓይኗ ቀልቷል። "እኔ በእጄ ማስላት ነበረብኝ" አለች።

"አንቺ አይደለሽም" አልኳት።

"እኔም አለሁበት" አሉ ሲስተር። "ሳልፈትን ተቀበልኩ። ተባረክ ብዬ ሸኘሁት።" ወንበር ሳቡልኝ። "አሁን ክፈተውና አስተካክለው፤ እያየሁህ።"

ላፕቶፔን ከፈትኩ። መልሱን ወደ ደብል ቀይረው የሚል ትእዛዝ መጨመር ነው፣ የአንድ ቃል ሥራ ነው። ፈሳሹን ለደቂቃው የሚያካፍለውን ክፍል በቅንፍ አጠርኩና ከቅንፉ በፊት ደብል ብዬ ጻፍኩ። አስኬድኩት። መቶ፣ ስልሳ።

20.0

"ያው ነው" አሉ ሲስተር።

ደግሜ አስኬድኩት፤ 20.0። ሦስት ዓመት ያስተማርኩት ሰው ማያው ፊት ተደናገርኩ። ከዚያ አየሁት። ቅንፉ ውስጥ ያለው ነው ቀድሞ የሚሠራው። በኢንት አካፍሎ፣ ቀሪውን ጥሎ፣ አንድ ብቻ ከቀረች በኋላ ነው ወደ ደብል ቀይር ያልኩት። ተማሪዎቼን አታድርጉ የምላቸውን አደረግሁ። ቅንፉን አጠፋሁና ደብል የሚለውን ከፈሳሹ ቁጥር ፊት ብቻ ተውኩት። አሁን ከማካፈሉ በፊት መቶው ነጥብ ያለው ቁጥር ሆነ፤ ስልሳውም ተከተለው።

33.333333333333336

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አሉ ሲስተር። "ልጆቼ የጠብታ ሲሶ እንዴት ነው የሚቆጥሩት?"

ልክ ናቸው። መልሱን በኢንት ላስቀምጠው ብዬ ሞከርኩ። ኮዱን የሚፈትሸው ኮምፓይለር አልቀበልም አለ፤ ከቁጥሩ የሚጠፋ ሊኖር ይችላል የሚል ቀይ መልእክት አወጣ። ተናደድኩ። ነጥብ ያለው ቁጥር ወደ ሙሉ ቁጥር ሲገባ ይጮኻል፤ ሲያካፍል ሲጥል ግን ጸጥ ብሎ ነበር። በግድ ወደ ኢንት ቀይር አልኩት። 33 አለ። ተነፈስኩ።

ሲስተር ግን የኪሳቸውን ደብተር አውጥተዋል። "አምስት መቶ፣ በስምንት ሰዓት።"

ስምንት ሰዓት አራት መቶ ሰማንያ ደቂቃ ነው። አስገባሁ። 20 አለ።

እስክርቢቶ ይዘው አሰሉ፤ ቀስ ብለው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ። "ሃያ ነጥብ ስምንት። እኛ ሃያ አንድ ነው የምንለው።"

አስገድዶ መቀየርም ያው ይቆርጣል እንጂ አያጠጋጋም። ረስቼው ነበር። ጃቫ ውስጥ የሚያጠጋጋ የተዘጋጀ ትእዛዝ አለ፤ እሱን ተካሁበት። 21 አለ። እሳቸው ከደብተራቸው እየመረጡ ሌላ ሰጡኝ፣ ሌላም፤ ሰባ አምስት በአርባ አምስት፣ ሁለት መቶ ሃምሳ በዘጠና። አንዱም ደስ የሚል ቁጥር አልነበረም። በእጃቸው እያሰሉ፣ ከማያው ጋር እያስተያዩ፣ ከጎኑ ምልክት አደረጉ። አሥራ አንደኛው ላይ ደብተሩን ዘጉ።

"እሺ። ግን ወረቀቱን አላነሳውም። መጀመሪያ በእጅ ይሰላል፣ ከዚያ ማሽኑ ይጠየቃል። ካልተስማሙ እኔን ይጠሩኛል።" ከዚያ ተነሡ። "አሁን ና፤ ለእናቷ አንተ ትነግራለህ።"

"እኔ?"

"አንተ ነህ የሠራኸው።"

በአጭሩ ኮሪደር ላይ ወደ ኋላ መሮጥ ቃጣኝ። ክፍሉ ውስጥ ልጅቷ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ በስልክ ጨዋታ እየተጫወተች። እናትየው አልጋው ጠርዝ ላይ ናቸው። የሽመና ቤት እንዳላቸው በኋላ ነው የሰማሁት። ሲስተር፣ "ጠዋት የነገርኩዎትን ፕሮግራም የሠራው ይሄ ነው" አሉ።

"እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩ። "ጠዋት የልጅዎ መድኃኒት የዘገየው በእኔ ስህተት ነው። ነርሷ የተጠቀመችበትን ሒሳብ የሠራሁት እኔ ነኝ። በደንብ ሳልፈትነው ሰጠኋቸው።"

እናትየው ወደ ሲስተር ዞሩ። "ልጄ አሁን ደህና ናት?"

"ደህና ናት" አሉ ሲስተር።

"ስህተቱ ምን ነበር?"

በምን ቋንቋ እንደምነግራቸው አላወቅሁም። "መቶን ለስልሳ ሲያካፍል አንድ ይደርሳል፣ አርባ ይተርፋል። የተረፈውን ጣለው።"

"የት ጣለው?"

"የትም። ዝም ብሎ ተወው።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኛ ድሩን ስንለካ ትርፍ ብትኖር እንይዛታለን። አንድ ክር ከጎደለ ጥለቱ እስከ መጨረሻው ተዛንፎ ነው የሚሄደው" አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ትንሽ ላላ። "መጥተህ መናገርህ ጥሩ ነው። ሌላው ቢሆን ስልኩን ይዘጋ ነበር። ግን ከእንግዲህ ሳታይ ለሰው አትስጥ።"

"እሺ" አልኩ።

ልጅቷ ከስልኳ ቀና ብላ፣ "እኔ እኮ አላመመኝም" አለች፤ ወደ ጨዋታዋ ተመለሰች። እናቷም እኔም በአንድ ጊዜ ሳቅን፤ የእኔው ሳቅ መጨረሻው ላይ ተሰበረ።

አዲሷ ነርስ ለቀጣዩ ስምንት ሰዓት የታዘዘውን አምስት መቶ ሚሊ ሊትር ይዛ ገባች። ሰቀለችው፤ መዳፏ ላይ አሰላችና ጠብታውን በዚያው ልክ ለቀቀችው። ሃያ አንድ። የክሊኒኩ ኮምፒውተር ላይ የቀድሞው ፕሮግራም ገና አልተቀየረም ነበር፤ ብትጠይቀው ሃያ ይላት እንደነበር አሰብኩ። በአንድ ጠብታ ብቻ ይለያል፤ ማንም አይጠረጥርም። እንዲህ እየሆነ ነው ሳምንቱን ሙሉ የተደበቀው።

ሲስተር ወንበር ወደ አልጋው አስጠጉና ሰዓታቸውን ፈትተው እጄ ላይ አደረጉ።

"ቁጠር" አሉኝ።

ተቀመጥኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እግሬ መንቀጥቀጡን ሲተው አላስተዋልኩም። ደቂቃዋ ስትሞላ ሃያ አንድ ነበር። ነርሷን ቀና ብዬ አየኋት፤ እሷም ስትቆጥር ኖሮ "ሃያ አንድ" አለች። እርግጠኛ ለመሆን ሁለታችንም ከአንድ ጀመርን።